ለኦዲተር የሚላክ ሸኚ ደብዳቤ፦ የጎደለውን ሰነድ እንዴት እንጻፈው?

ኦዲተር የክፍያ ማስረጃ ሲጠይቅ ጉልበታችን የሚያልቀው ሰነድ ፍለጋው ላይ ነው። ቦክስ ፋይል ይወርዳል፣ ስካን ይደረጋል፣ የጎደለው ይታደናል። ሸኚ ደብዳቤው የሚጻፈው ሁሉም ሰው ከደከመው በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት ደብዳቤ ተከፍቶ ቀኑና ቁጥሩ ብቻ ይቀየራል።

እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ነው የኖርኩት። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የሌሎችንም አርሜያለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የተያያዘውን መዘርዘሩ አይደለም። ያልተያያዘውን መግለጹ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ እሱ ነው፤ አንድ ረቂቅ አብረን ስናርም የሆነውን እያነሳሁ።

ረቂቁን ያመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ኦዲተሮቹ ከስድስት ወር የክፍያ መዝገብ 42 ክፍያዎችን በናሙና መርጠዋል። የዝርዝሩ ድምር 918,450 ነው። እሷ ሰነዶቹን ሰብስባ ጨርሳለች። "እስቲ ይቺን ደብዳቤ እይልኝ፣ ቋንቋዋን ብቻ አስተካክልልኝ" አለችኝ። ደብዳቤው ይህን ይላል፦

"በጠየቃችሁን መሠረት የ42 ክፍያዎች ማስረጃ አባሪ አድርገን ልከናል። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም የተሟሉ ናቸው። ያልተሟሉት በሥራ ጫናና በሠራተኛ መቀያየር ምክንያት ሲሆን በቅርቡ አሟልተን የምንልክ መሆኑን እንገልጻለን። ለተፈጠረው ክፍተት ከፍተኛ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

በቋንቋ ደረጃ ምንም አልጎደለውም። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው። ግን ኦዲተሩ ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን እንኳ ሊጠቀምበት አይችልም። ጥቂቶቹ ስንት ናቸው? የትኞቹ? ድምራቸው ምን ያህል ነው? "ያልተሟላ" ሲባል ከነጭራሹ ሰነድ የለም ማለት ነው ወይስ አንድ ፊርማ ጎድሏል? "በቅርቡ" መቼ ነው?

ኦዲተሩ ደብዳቤውን ሲቀበል ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። ናሙናውን የመረጠው ከመዝገባችን ነው። እያንዳንዱን መስመር ይዞ ወደ ሰነዱ ይሄዳል። ክፍያው እውነት ተፈጽሟል? መጠኑ ልክ ነው? በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው የሒሳብ መደብ ተመዝግቧል? የፈቀደው ሰው ሥልጣን ነበረው? መልሱን ያገኘበትን መስመር ምልክት አድርጎ ያልፋል። ያላገኘበትን ለይቶ ያስቀምጣል። ሸኚ ደብዳቤያችን ደግሞ ከሥራ ወረቀቶቹ ጋር ፋይል ይደረጋል። ከወራት በኋላ እኛን አይቶን የማያውቅ ሌላ ኦዲተር ሊያነበው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማብራሪያ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 580 ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የሥራ አመራር የጽሑፍ መግለጫ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ "ኢንቮይሱ የጠፋው በቢሮ ዝውውር ጊዜ ነው" ብለን የቱንም ያህል አሳምረን ብንጽፍ፣ ኦዲተሩ ክፍያው ትክክል መሆኑን አሁንም አላወቀም። የሚጠቅመው ለምን እንደጎደለ መስማቱ ብቻ አይደለም። በምትኩ ምን ማየት እንደሚችል ነው።

ስለዚህ ቋንቋውን ትተን ከቁጥሩ ጀመርን።

የጠየቁት 42 ክፍያ፣ 918,450 ነው። ባልደረባዬ በኤክሴል እንደለየችው 36ቱ ሙሉ ሰነድ አላቸው፤ ድምራቸው 801,300 ነው። አራቱ በከፊል አላቸው፤ 96,650። ሁለቱ የወጪ ማስረጃ ጨርሶ የላቸውም፤ 20,500። ሲደመር 918,450 ይመጣል። ይህ ሒሳብ በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። ኦዲተሩ ምንም ሰነድ ሳይከፍት የጠየቀው ሁሉ አንድም ሳይቀር መልስ እንዳገኘ ያያል። ድምሩ ካልገጠመ ደግሞ ደብዳቤው ገና አላለቀም ማለት ነው። አንድ መስመር የሆነ ቦታ ወድቋል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ቅደም ተከተሉም የኦዲተሩ ይሁን። እኛ ፋይል የምናደርገው በቫውቸር ቁጥር ወይም በወር ሊሆን ይችላል። እሱ ግን የራሱ ዝርዝር አለው፤ ከ1 እስከ 42። በእሱ ቁጥር መልሱለት። የእኛ የቫውቸር ቁጥር በጎን ባለው ዓምድ ይግባ።

ከዚያ ስድስቱን አንድ በአንድ አወጣናቸው። የደብዳቤው እርማት ዋና ሥራ እዚህ ነው፤ ሰነዶቹን ሳያዩ ቃላቱን ማረም አይቻልም።

ተራ ቁጥር 15 የተከፈለው 29,400 ነው። ኢንቮይሱ ግን 30,000 ይላል። በረቂቁ ሠንጠረዥ ላይ "መጠኑ አይገጥምም" ተብሎ ከከፊሎቹ ጋር ተቀምጧል። ልዩነቱ 600 ነው። የመረከቢያ ሰነዱን ስናየው የተወሰነ ዕቃ ተበላሽቶ እንደተመለሰ በእጅ ተጽፎበታል። አቅራቢው ለተመለሰው ዕቃ ክሬዲት ኖት ሰጥቷል፤ እሱም በሌላ ፎልደር ውስጥ ነበር። ክሬዲት ኖቱ ሲያያዝ 30,000 ሲቀነስ 600፣ 29,400 ሆነ። ይህ የጎደለ ሰነድ አልነበረውም። የጎደለው አንድ መስመር ማስታወሻ ነበር። ወደ ተሟሉት ሄደ።

ብዙ "ክፍተት" የምንላቸው ነገሮች እንዲህ ናቸው። ሁለት ቁጥሮች የማይገጥሙት በመሐል ሌላ ሰነድ ስላለ ነው። የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ በምንጭ የተቀነሰ ግብር፣ ቀድሞ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን በአንድ መስመር ሠርታችሁ ካሳያችሁት ኦዲተሩ ጥያቄ አያነሳም። ካላሳያችሁት ራሱ ሊገምት ይሞክራል። ግምቱ ደግሞ ሁልጊዜ ለእኛ አያደላም።

ተራ ቁጥር 22 ለትራንስፖርት የተከፈለ 16,850 ነው። በአንድ የባንክ ዝውውር የተከፈለ ቢሆንም የሦስት ኢንቮይሶች ድምር ነው፤ 7,200፣ 5,450 እና 4,200። ሁለቱ ኢንቮይሶች አሉ። የ4,200ው አልተገኘም። ረቂቁ ግን ሙሉውን 16,850 "ያልተሟላ" ብሎታል። እዚህ ላይ ደብዳቤው ራሱ ክፍተቱን አሳድጎታል። 12,650ው ሙሉ ማስረጃ አለው። የጎደለው 4,200 ብቻ ነው። ይህን የጻፍነው እንዲህ ነው፦

"ተራ ቁጥር 22፦ የተከፈለው 16,850 የሦስት ኢንቮይሶች ድምር ነው። የ7,200 እና የ5,450 ኢንቮይሶች ተያይዘዋል (22-2 እና 22-3)። የ4,200 ኢንቮይስ በቫውቸሩ ፋይልና በአቅራቢው ፎልደር ተፈልጎ አልተገኘም። የጉዞ መዝገቡና ሦስቱንም ጉዞዎች የሚያሳየው የክፍያ ጥያቄ ተያይዘዋል (22-4 እና 22-5)።"

የት እንደተፈለገ መጻፉን ልብ በሉት። "አልተገኘም" ብቻ ከተባለ ኦዲተሩ "እስቲ የአቅራቢውን ፎልደር እዩ" ይላል፤ አንድ ዙር ደብዳቤ ይባክናል። የተፈለገበት ቦታ ከተጻፈ ያ ጥያቄ አይመጣም።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ተራ ቁጥር 28 በረቂቁ ላይ "ምንም ሰነድ የለውም" ተብሏል፤ 12,000። ተራ ቁጥር 31 ደግሞ "የሁለተኛው ፈራሚ ፊርማ የለም" ተብሏል። እሱም 12,000። ተከፋዩ አንድ ነው። ቀኖቹም ይቀራረባሉ። ባልደረባዬ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁለቱን ጎን ለጎን አላየቻቸውም ነበር፤ በሠንጠረዡ ሁለት የተለያዩ ምድቦች ውስጥ ስለነበሩ።

የባንክ ስቴትመንቱን ከፈትን። ለዚያ ተከፋይ የወጣው 12,000 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥለን የቼክ ጉርዱን አየን። ለተራ ቁጥር 28 የተጻፈው ቼክ ተበላሽቶ ተሰርዟል፤ በምትኩ ሌላ ቼክ ወጥቷል፤ እሱ ነው ተራ ቁጥር 31 የሆነው። የመጀመሪያው ቼክ በመዝገብ ላይ እንደ ክፍያ ገብቶ ነበር። ሲሰረዝ ግን ምዝገባው አልተመለሰም። የተሰረዙ ቼኮች የሚቀመጡበትን ፎልደር ስናወጣ፣ የተሰረዘው ቼክ ከነቫውቸሩ እዚያ ተቀምጧል። ቫውቸሩ ላይ ሁለቱም ፊርማዎች አሉ። ለካ ሁለተኛው ፈራሚ ክፍያውን አንዴ ስላጸደቁ ምትኩ ቼክ ሲወጣ እንደገና ቫውቸሩ ላይ አልፈረሙም።

ሁለት ክፍተት የነበረው አንድ ታሪክ ሆነ። ግን ደግሞ ከክፍተት የባሰ ነገር ወጣ። መዝገቡ ላይ ያልተከፈለ 12,000 እንደተከፈለ ተጽፏል። ይህ የሰነድ ጉድለት አይደለም፤ የምዝገባ ስህተት ነው። "ሰነዱ በመፈለግ ላይ ነው" ተብሎ ቢላክ ኖሮ ስህተቱን የሚያገኘው ኦዲተሩ ነበር፤ ከባንክ ማስታረቂያው ላይ።

እንዲህ ያለው ነገር ሲገኝ ደብዳቤው ውስጥ በራሱ ርዕስ ይግባ። ከጎደሉት ሰነዶች ጋር አይቀላቀል። የጻፍነው ይህ ነው፦

"ተራ ቁጥር 28፦ ይህ ምዝገባ ክፍያን አይወክልም። ቼኩ ተሰርዟል፤ በምትኩ የወጣው ቼክ በተራ ቁጥር 31 የተመዘገበው ነው። የስረዛው ምዝገባ አልተደረገም። በዚህም ምክንያት የወጪ መዝገቡ በ12,000 በልጦ ይታያል። የተሰረዘው ቼክ፣ ሁለቱም ፊርማዎች ያሉበት ቫውቸር እና የወሩ የባንክ ስቴትመንት ተያይዘዋል (28-1 እስከ 28-3)። የማስተካከያ ምዝገባው ረቂቅ ተያይዟል (28-4)፤ ገና አልተመዘገበም።"

የመጨረሻዋ "ገና አልተመዘገበም" የምትለው ታስፈልጋለች። ኦዲት እየተደረገ ያለን መዝገብ ዝም ብሎ ማስተካከል ጥሩ አይደለም። ኦዲተሩ ናሙናውን የወሰደው ከነበረው መዝገብ ነው። መዝገቡ በመሐል ከተቀየረ የእሱ ቁጥርና የእኛ ቁጥር ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ማብራራቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ረቂቁን አሳዩ፣ መቼና በየትኛው ወር እንደሚመዘገብ ተነጋገሩ።

በተራ ቁጥር 31 ላይ አንድ ፈተና መጥቶ ነበር። ከቢሮ አንድ ሰው "ፈራሚው እኮ አሉ፤ አሁን ይፈርሙበትና ይለቅ" አለ። አይሆንም። ከወራት በፊት በነበረ ቫውቸር ላይ ዛሬ ተፈርሞ የድሮ ቀን ከተጻፈበት ሰነድ ማጭበርበር ነው። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ያው ነው። በዚያ ላይ ያው ቫውቸር ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው ኮፒ ተሰጥቶ ከነበረ ሁለት ዓይነት ሰነድ ይገኛል። ማጽደቂያ የሌለው ክፍያ ቢሆን ኖሮ እንኳ ማድረግ የሚቻለው ፈራሚው በዛሬ ቀን ማስታወሻ መጻፍ ነው፤ "ይህን ክፍያ በጊዜው አውቀዋለሁ፤ ቫውቸሩ ላይ ግን አልፈረምኩም" ብለው። ደብዳቤውም ማስታወሻው አሁን የተዘጋጀ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ኦዲተሩ ይህን የቁጥጥር ድክመት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ይጻፈው።

ተራ ቁጥር 7 ትልቁ ነው፤ 38,400። ውሉ አለ፣ የመረከቢያ ሰነዱ አለ፣ የባንክ ማስተላለፊያው አለ። የአቅራቢው ኢንቮይስ ግን የለም። ባልደረባዬ "አቅራቢውን ኮፒ ጠይቀናል፤ በቅርቡ እንልካለን" ብላ ነበር። መጀመሪያ ያነሳነው "በቅርቡ" የሚለውን ነው። አቅራቢው መቼ እንደሚመልስ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው መቼ እንደጠየቅን ነው። ስለዚህ የጥያቄ ደብዳቤው ቀን ተጻፈ፣ ኮፒውም ተያያዘ። "እስካሁን መልስ አልደረሰንም" ተባለ። እኛ መልስ ባናገኝ እንኳ ለኦዲተሩ በየትኛው ቀን ያለበትን ሁኔታ እንደምንነግረው ተጨመረ። ይህ እኛ ልንጠብቀው የምንችለው ቃል ነው።

ሌላም ነገር ጨመርን፤ የአቅራቢውን አድራሻ። የኦዲት ደረጃ ቁጥር 500 የማስረጃ ተአማኒነት በምንጩ እንደሚለያይ ይናገራል። በአጠቃላይ ከድርጅቱ ውጭ ካለ ምንጭ የመጣ ከውስጥ ከተዘጋጀው ይሻላል። ኦሪጅናል ከፎቶ ኮፒ ይሻላል። ኦዲተሩ ራሱ በቀጥታ ያገኘው ደግሞ በእኛ በኩል ዞሮ ከመጣው ይሻላል። ስለዚህ ኦዲተሩ ለአቅራቢው ራሱ መጻፍ ይፈልግ ይሆናል፤ መልሱም በቀጥታ ለእሱ እንዲሄድ ይጠይቃል። "እኛ ተቀብለን እናምጣልህ" ማለት ደግነት ቢመስልም ለእሱ የማስረጃውን ዋጋ ይቀንስበታል። አቅራቢው የሚልከው ድጋሚ የታተመ ኢንቮይስ ከሆነም "ድጋሚ የታተመ ኮፒ" ተብሎ ይገለጽ። እንደ ዋናው መስሎ አይቅረብ።

የቀረው ተራ ቁጥር 35 ነው። 8,500 ከፔቲ ካሽ ለመስክ ጉዞ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ነው። ደረሰኝ አልተመለሰም። የወሰደው ሠራተኛ ሥራ ለቋል። ለዚህ ጥሩ መልስ የለም። ያለው የጉዞ ፈቃድ፣ የተፈረመበት የገንዘብ መቀበያና የጉዞ ሪፖርት ነው። ረቂቁ "በአማራጭ ማስረጃ የተረጋገጠ" ይላል። እኔ ግን ይህን ቃል አልወደድኩትም። ሦስቱ ሰነዶች ገንዘቡ መሰጠቱንና ጉዞው መደረጉን ያሳያሉ። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ አያሳዩም። ደብዳቤውም ልክ እንደዚያ አለ፦

"የተያያዙት ሰነዶች ገንዘቡ ለሠራተኛው መሰጠቱንና ጉዞው መካሄዱን ያሳያሉ። ወጪው ለምን እንደዋለ የሚያሳይ ደረሰኝ የለም። ሒሳቡ ሳይወራረድ ወደ ወጪ ተዛውሯል።"

ኃላፊያችን ይህን ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። "ራሳችንን መክሰስ አይሆንም?" አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ኦዲተሩ ሰነዶቹን ከፍቶ የሚደርስበት መደምደሚያ ያው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ከሰነዱ በላይ ተናግረን እሱ ዝቅ አድርጎ ካገኘው የቀሩትንም 36 መስመሮች በጥርጣሬ ያያቸዋል። የሠራተኛው ስም ደብዳቤው ላይ እንዳይወጣ የጠየቁት ግን ልክ ነበር። የሥራ መደቡ በቂ ነው፤ ስሙ ከተያያዘው ሰነድ ላይ ይታያል።

ስድስቱ ሲያልቁ ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ሙሉ ማስረጃ ያለው 855,350 ሆነ፤ የፊቱ 801,300፣ የተራ ቁጥር 15 እና 31፣ ከተራ ቁጥር 22 ደግሞ 12,650ው ተደምረው። በስህተት የተመዘገበው 12,000 ነው። ማስረጃው የጎደለው 51,100 ነው፤ ማለትም 38,400፣ 4,200 እና 8,500። ድምሩ አሁንም 918,450 ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ግን ተሟልቶ ያልቀረበው 117,150 ነበር። አንድም አዲስ ሰነድ ከውጭ አልመጣም። ከግማሽ በላዩ የወረደው ያለውን በትክክል በማንበብ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቃላቱ የተመለስነው። አብዛኛው ራሱ ወድቋል። "ከጥቂቶቹ በስተቀር" የሚለውን ሠንጠረዡ ተካው። "ያልተሟላ" የሚለውን ጨርሶ አወጣነው፤ በጣም ብዙ ነገር ስለሚሸፍን። በቦታው አራት ሁኔታዎችን ለየን። "አልተገኘም" ሰነዱ እንደነበረ እናውቃለን፣ ፈልገን አጣነው ማለት ነው። "አልደረሰንም" ከሌላ ሰው የምንጠብቀው ነው። "አልተዘጋጀም" በጊዜው መሠራት የነበረበት አልተሠራም ማለት ነው። "አያስፈልግም" ለዚህ ዓይነት ክፍያ በአሠራራችን የማይጠየቅ ሰነድ ነው። ለኦዲተሩ አራቱ አራት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ያልተገኘን ሰነድ ኮፒውን ከሌላ ቦታ መጠየቅ ይቻላል። ያልተዘጋጀን ሰነድ ግን ማንም ሊያመጣው አይችልም። "ጠፍቷል" የሚለውን ደግሞ መጥፋቱን በእርግጥ ካላወቃችሁ አትጻፉት። ነገ ከአንድ ፎልደር ቢወጣ ምን ልትሉ ነው?

ምክንያቶቹን በተመለከተ ሁሉንም አላወጣንም። "የሥራ ጫና" ወጣ፤ የትኛውንም መስመር አያብራራም። "የሠራተኛ መቀያየር" ግን ከተራ ቁጥር 35 ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ እዚያው መስመር ላይ ቀረ፤ ከሥራ መልቀቂያው ቀን ጋር። ምክንያት ከአንድ መስመር ጋር ተያይዞ በቀን ወይም በሰነድ ሊታይ የሚችል ከሆነ ይጠቅማል። ኦዲተሩ የቁጥጥር ድክመቱን መነሻ ሲጽፍ ይፈልገዋል። ከላይ በጥቅሉ ሲንሳፈፍ ግን ሰበብ ይመስላል። ይቅርታውም ወጣ። ደብዳቤው የሥራ ሰነድ ነው፤ ማንም አልተቀየመም።

"ሁሉም" የሚለውንም ቃል ጠርጥሩት። "ሁሉም ኦሪጅናል ሰነዶች ተያይዘዋል" ብሎ ጽፎ የተላከው ስካን ነው። ደህናው አባባል "የተላኩት ስካን ናቸው፤ ኦሪጅናሎቹ በቢሯችን ይገኛሉ" የሚለው ነው። ኦሪጅናሉ የሌለን ካለ ያ መስመር ለብቻው ይጠቀስ።

አባሪዎቹን የሰየምናቸው በኦዲተሩ ቁጥር ነው። `07-1.pdf` የተራ ቁጥር 7 የመጀመሪያ ሰነድ ነው፣ `07-2.pdf` ሁለተኛው። ከ10 በታች ያሉት ፊት ዜሮ ካልተደረገላቸው ኮምፒውተሩ ላይ 10 ከ2 በፊት ሊደረደር ይችላል። `scan0034.pdf` የሚል ስም እንዳለ አትላኩ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ሰነዶቹ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቀመጡ፤ እኛ ቫውቸሩን ከፊት፣ የባንክ ማስረጃውን ከመጨረሻ አደረግን። ደብዳቤው ላይ "22-4" ካልን ደግሞ ፋይሉ በእርግጥ የጉዞ መዝገቡ መሆን አለበት። በእርማት መሐል ቁጥሮች ይዛነፋሉ፤ ክሬዲት ኖቱ ሲገባ ተራ ቁጥር 15 ላይ እንዲሁ ሆኖ ነበር።

ከመላኩ በፊት ያላረመው ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። አንድ ሌላ ሰው ደብዳቤውን ይዞ አባሪዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። የሚያየው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይከፈታል ወይ፣ የተጠራው ሰነድ ነው ወይ፣ ቀኑና መጠኑ ይነበባል ወይ። በሙቀት የሚታተሙ ደረሰኞች ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛሉ፤ ሁለቱ ስካናቸው ባዶ ወረቀት መስሎ ነበርና ጥቁረቱ ተጨምሮ እንደገና ተነሡ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት ቫውቸርም የፊቱ ብቻ ተነሥቶ ተገኘ። ከአንዱ ክፍያ ጋር የመላው ክፍል የደመወዝ ዝርዝር አብሮ ተያይዞ ነበር። ኦዲተሩ የጠየቀው ያን አይደለም፤ የሚመለከተው ገጽ ብቻ ቀረ።

የፈረሙት ኃላፊያችን ናቸው። ያዘጋጀው ሰው ስምና ስልክ ከታች ገባ፤ ኦዲተሩ ጥያቄ ሲኖረው ለኃላፊ ደውሎ ኃላፊው እኛን እስኪጠሩ እንዳይጠብቅ። ከመፈረማቸው በፊት ተራ ቁጥር 28ን እና 35ን ቁጭ ብለን አስረዳናቸው። የፈረሙት ሰው ስለ 12,000ው ከኦዲተሩ አፍ መስማት የለባቸውም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ሆነ፤ ከሠንጠረዡ ጋር ሁለት። በተመለሰው የኦዲተር መልስ ላይ ስለ ተራ ቁጥር 15፣ 22 እና 31 ምንም አልተነሳም። ስለ 28 የማስተካከያውን ወር ጠየቁ። 35 በግኝትነት ተጻፈ፤ እንደጠበቅነው። የተራ ቁጥር 7 ኢንቮይስ ኮፒ ኋላ ላይ ደረሰን። ስንልከው የድሮውን ደብዳቤ ቀይረን አልላክንም። "ተጨማሪ ማስረጃ፣ ተራ ቁጥር 7" የሚል አጭር ደብዳቤ በአዲስ ቀን ጻፍን፤ የፊተኛውን ደብዳቤ ቁጥር ጠቅሰን፣ የጎደለው ከ51,100 ወደ 12,700 መውረዱን አሳይተን። ፋይሉንም `07-6.pdf` አልነው፤ ከአምስቱ የቀድሞ ሰነዶች ቀጥሎ።